ወደ ሪያድ ብር የላከ ቤተሰብ አለ? እኛ ቤት ነገሩ ተገልብጧል

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታላቅ እህቴ ሪያድ ናት። ሰዓዳ ልበላት፣ ስሟ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በኮንትራት ስትሄድ ልጇ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። እናታችን ናት ያሳደገችው። አሁን 8 ዓመቱ ነው፣ እናታችንን «እማ» ይላታል፣ የወለደችውን ግን በስሟ ነው የሚጠራት። በኢሞ ስትደውል «እማ፣ ሰዓዳ ናት» ብሎ ስልኩን ያቀብላል።

ሰዓዳ በ2014 ከአሠሪዋ፣ ከከፊሏ ቤት ወጣች። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማም ጊዜው አልፎ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሥራ ነው የምትኖረው፣ የሰው ቤት እያጸዳች። እንዲያም ሆና ከ700 ሪያል በታች የላከችበትን ወር አላስታውስም።

ከአንድ ወር በፊት መስኮት ስታጸዳ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ጄሶ ገብታለች። ለክሊኒኩ የተበደረችው 1,200 ሪያል አለባት። ለሁለት ወር የክፍል ኪራይና ምግብ ደግሞ 1,800 ያስፈልጋታል። በድምሩ 3,000 ሪያል ማለት ነው። እኛ እንላክ አልን። ሰባት ዓመት ስንቀበል ኖረን መላክ ግን አናውቅበትም።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ብሩ እንዴት ይድረሳት? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድማችን «ሚስትና ሁለት ልጅ አለኝ፣ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ እኔን አትቁጠሩኝ» ብሏል። እንዲህ ማለት ይችላል? ሦስተኛ፣ እማ በሰዓዳ ብር የተሠሩትን የጓሮ ሦስት ክፍሎች ሸጠን እናውጣት ትላለች። ይቻላል?

አቤል ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መላክ አቁሚ። እኔ እዚህ 14 ዓመቴ ነው። ለአክስት ልጅ ሠርግ፣ ለጎረቤት ሕክምና፣ ለማላውቀው ሰው ባጃጅ ልኬያለሁ። አንድ ወር ስትዘገይ «ከፋህ ወይ» ይሉሃል። ሰው የራሱን ኑሮ ይኑር።

የቦርከና ልጅ

ወንድሜ አቤል፣ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ላኪዎቹ እኛ ነን፣ እሷ ናት ተቀባይ። 😅

አቤል ሲልቨር ስፕሪንግ

ውይ፣ ይቅርታ። በእረፍት ሰዓቴ በሩጫ ነው ያነበብኩት።

እንዲህ ከሆነማ እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። በኮቪድ ጊዜ የታክሲ ሥራዬ ቀጥ ሲል እናቴ «መሬቱን ልሽጠው?» ብላ ደወለች። እምቢ አልኳት። ከዚያ በሚመጣ ሰው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ድርቆሽ በሁለት ሻንጣ ላከችልኝ። አራት ወር ምስር እንኳ አልገዛሁም። ሳስበው ያ ሻንጣ ስንት ዶላር ያወጣ ነበር?

ዮናስ ቢ.

ይሄ እኮ ቀላል ነው። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ይሸጣሉ። ባንክ ሂጂ፣ የእህትሽን ስም ስጪ፣ ይልኩልሻል። ጥቁር ገበያ ምን ያደርግልሻል?

መምሬ ደሴ

ዮናስ ግማሹን ልክ ብለሃል። ባንክ መሸጥ ይሸጣል፣ ግን ለማን? ተጓዥ ከሆንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ትሄዳለህ። ለሕክምና ከሆነ የሐኪም ወረቀት ትጠየቃለህ። «እህቴ እጇ ተሰበረ፣ የክፍል ኪራይ የላትም» የሚል ፎርም አላየሁም።

ቢላክስ? ችግሩ እዚያ ማዶ ነው። ሳዑዲ ውስጥ የሐዋላ ገንዘብ ለመቀበልም ሆነ ለመላክ የጸና ኢቃማ ይጠይቃሉ። ኢቃማዋ የተቃጠለባት ልጅ መስኮቱ ጋ ብትቀርብ ገንዘቧን ሳይሆን ጣጣዋን ነው የምታመጣው። የራሷን ብር ወደ ቤት ስትልክ እንኳ በጓደኛ ኢቃማ ነው። የቦርከና ልጅ፣ የእናንተም እንዲሁ አይደል?

የቦርከና ልጅ

አዎ፣ ከ2014 ወዲህ ሁሉም በሰው ስም ነው የመጣው።

ከሚሴ ኑሪያ

እኔ ከስደት ተመላሾችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚህ ወደዚያ ገንዘብ የሚሄድባቸውን ቤቶች ብዙ አይቻለሁ። ሰው አያወራውም እንጂ አለ። «ልጄ ትልክልኛለች» ማለት ያኮራል፣ «ለልጄ እልካለሁ» ማለት ግን ያሳፍራል።

ሰዉ እንዴት እንደሚያደርገው ልንገርሽ። አድርጊው ማለቴ አይደለም፣ ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ። ሪያድ ውስጥ በዚህ ወር ለቤተሰቧ ልትልክ ያሰበች የሰፈር ልጅ ትፈለጋለች። ሪያሉን ለሰዓዳ እዚያው በእጇ ትሰጣታለች። እናንተ ደግሞ ለልጅቷ እናት ብሩን ኮምቦልቻ ላይ ትሰጣላችሁ። ድንበር የሚሻገር ሳንቲም የለም፣ የሚሻገረው ወሬ ብቻ ነው። ሰው «ማቻቻል» ይለዋል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንዱ ተመን ነው። ስልክ ሲደወል በአንድ ዋጋ ይስማማሉ፣ ብሩ ሲሰጥ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ማን ይቅደም የሚለው ነው። ሁለቱም ወገን «አንቺ ቅደሚ» ይላል። ያልተጣሉት ቤተሰቦች ጠቅላላውን በአንዴ አይሰጡም። 500 ሪያል እዚያ ይሰጣል፣ ሰዓዳ «ደርሶኛል» ብላ በራሷ ድምፅ ትልካለች፣ ከዚያ የ500ው ብር እዚህ ይከፈላል። ደግሞ ሌላ 500። ድምፅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በጽሑፍ ብቻ የተላከ «ደርሶኛል» የሰው እጅ የገባ ስልክ ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፍላ አይቻለሁ።

ደላላ መሀል ካለ ደግሞ ይህ ማቻቻል አይባልም። ያ ንግድ ነው።

ዮናስ ቢ.

ፈቃድ ካላቸው ባንኮችና ምንዛሪ ቤቶች ውጭ መመንዘር ክልክል እኮ ነው። ሕገ ወጥ ነገር ነው እየመከርሽ ያለሽው።

ከሚሴ ኑሪያ

በኋላ እነግርሻለሁ ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ቀደምከኝ። አዎ፣ ክልክል ነው። ቢያዝ ብሩም ይወረሳል፣ ሰውም ይጠየቃል። ዘመድ ለዘመድ ነው ብትል የሚሰማህ የለም። የነገርኳት ሰዉ የሚያደርገውን ነው፣ ውሳኔው የእሷ ነው። ግን አንተም «ባንክ ሂጂ» ስትላት የማይከፈት በር እያሳየሃት መሆኑን እወቅ።

አያ ሰይድ የቅሬ ጸሐፊ

ልጄ፣ አላህ ይማርልሽ እህትሽን። እኔ በእኛ ሰፈር እድር፣ በቅሬው ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመቴ ነው። የቅሬ ነገር ስላልተነሳ ልናገር ብዬ ነው።

ዓረብ አገር ያለች ልጅ በእኛ መዝገብ ከአባቷ ቤት አትፋቅም። ቤቱ መዋጮውን ከከፈለ እሷም አባል ናት። አያድርስና ብትሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ እህሉ ይወጣል፣ ለቅሶው እዚህ ይቀመጣል። በሽታ ግን በደንባችን የለም። አንድ ጊዜ ጅዳ የነበረች ልጅ ስትታመም የቅሬው ዳኛ ከሰላት በኋላ «በውድ የሚሰጥ ይስጥ» ብሎ አስነስቷል። ጥሩ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ግን ሦስት ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ አመጣና ዳኛው ተቸገረ። የአንዷን ሰጥተህ የሌላዋን መከልከል ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ቅሬው ከመሄድሽ በፊት እናትሽ ከዳኛው ጋር ለብቻቸው ይመካከሩ። በጉባኤ ፊት ጠይቆ ማፈር አለ።

የወንድምሽን ነገር ልተወው። አዲስ አበባ የገባ ልጅ ቤቱ በር ያህል ጠቦ ነው የሚመለስልን።

የቦርከና ልጅ

አያ ሰይድ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሚን። እማ ነገ ዳኛውን ታናግራለች።

የወንድሜ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሰዓዳ ስትሄድ አባቴ አንድ በሬ ሸጦ ነው። በ14,000 ብር። ለፓስፖርት፣ ለምርመራ፣ ለስልጠናና ለምዘና፣ ለአዲስ አበባ መመላለሻ፣ የቀረው ለደላላ። ወንድሜ «የበሬውን ብር መልሳለች፣ አባቴ በሕይወት እያለ በእጁ ሰጥታዋለች፣ ከዚያ በኋላ የላከችው ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ አይመለስም» ይላል።

ከሚሴ ኑሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቤት የሚጣላው በዚህ ሒሳብ ነው።

በ2011 አንድ ሪያል 7 ብር ከምናምን ነበር። የበሬው 14,000 ብር ወደ 1,800 ሪያል ይመጣል። ዛሬ ሪያል በ40 ብር ቢታሰብ ያው 14,000 ብር 350 ሪያል ነው። በብር ከቆጠርሽው ዕዳው ትንሽ ነው፣ በሪያል ከቆጠርሽው አምስት እጥፍ ነው። በበሬ ከቆጠርሽው ደግሞ ሌላ ነው፣ ያኔ በ14,000 የተሸጠ በሬ ዛሬ ስንት ያወጣል? አባትሽ የሸጠው በሬ ነው እንጂ ብር አይደለም። እሷም የሠራችው በሪያል ነው። ወንድምሽ በብር የሚቆጥረው ለእሱ ስለሚስማማው ነው። ክፋት ነው አልልም፣ ሰው ሁሉ የሚስማማውን መቁጠሪያ ነው የሚመርጠው።

ሌላው የማይጻፈው ሒሳብ ልጁ ነው። ሰባት ዓመት ያሳደገችው እናትሽ ናት። ሪያድ ውስጥ ልጅ ይዞ መሥራት ባልተቻለ ነበር። እና ያንን ማን ለማን ከፈለው? እኔ የማውቃቸው ቤቶች በግልጽ አይናገሩትም፣ ግን ሲጣሉ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። «ልጅሽን ማን አሳደገልሽ!»

ሰብለ ጠበቃ

ቤቱን በተመለከተ ትንሽ ጥያቄ። ቦታው በማን ስም ነው? አባታችሁ መቼ ሞቱ? ክፍሎቹስ መቼ ተሠሩ?

ዮናስ ቢ.

የላከችበት ደረሰኝ ካላት ቤቱ የሷ ነው፣ አለቀ።

የቦርከና ልጅ

ካርታው በአባቴ ስም ነው። ከእማ ጋር ከተጋቡ በኋላ የተመሩት ቦታ ነው። ክፍሎቹ በ2012 ተጀመሩ፣ አባቴ በ2013 ሞተ። የግድግዳው ብር በሰዓዳ ስም ነው የመጣው። የቆርቆሮውና የበሩ ግን በ2014 በጓደኛዋ ስም ነው የመጣው። አራት ልጆች ነን።

ሰብለ ጠበቃ

እንግዲያው ዮናስ፣ አላለቀም። ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን ያሳያል። ለምን እንደተላከ አይናገርም። እናት «ለአስቤዛ ነው የላከችው» ብትል ደረሰኙ አይከራከራትም። ግማሹ ደግሞ የሰው ስም ነው ያለበት። ብር ስትልኩ ምክንያቱን በድምፅም ቢሆን አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው።

ሽያጩን ልመልስ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው። ስለዚህ የቦታው ግማሽ የእናታችሁ ነው። የአባታችሁ ግማሽ ለአራታችሁ እኩል ይደርሳል፣ ኑዛዜ ከሌለ። ወንድማችሁም ድርሻ አለው፣ ብር ባያዋጣም። እናታችሁ ብቻቸውን መሸጥ አይችሉም። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ከዚያ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ።

ሰዓዳም ወራሽ ናት። እዚህ ስለሌለች ውክልና ያስፈልጋታል። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ የመሸጥ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ያንን ደግሞ ሪያድ ኤምባሲያችን ሄዳ ነው የምትፈርመው። እዚህ ሲመጣ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል።

የጓሮ ክፍል ለብቻው መሸጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ካርታው አንድ ስለሆነ መጀመሪያ ይከፈል አይከፈል የሚለውን ማዘጋጃ ቤት ነው የሚነግራችሁ።

ተመላሿ 2006

ሰብለ «ኤምባሲ ሄዳ ትፈርማለች» ስትይ ሳቅ አለኝ። በአንቺ ሳይሆን በመንገዱ ነው የሳቅኩት። ኢቃማ የሌላት፣ ከፊሏ ከሥራ ጠፍታለች ብሎ ሁሩብ ያስመዘገበባት ልጅ ከክፍሏ እስከ ኤምባሲ ስንት ፍተሻ ታልፋለች? እጇ ጄሶ ውስጥ ሆኖ? ፓስፖርቷስ የት አለና በምን ማንነቷን ታሳያለች?

እኔ በ2006 ከተመለሱት ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነኝ። በኅዳር ነበር። በአንድ ፌስታል ነው የገባሁት። ቤተሰቤ ኤርፖርት ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያየው እጄን ነው። ፊቴን ያየችው አክስቴ ብቻ ናት። የላክሁት ብር ለታናሼ ትምህርት፣ ለአባቴ ዕዳ፣ ለሠርግ ሄዷል። ለማንም አልከፋኝም፣ ተበልቷል። ግን «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

እናንተ እናውጣት ትላላችሁ። እሷ መውጣት ትፈልጋለች? ጠይቃችኋታል? በሁሩብ ስትወጪ ጣት አሻራሽ ይያዛል፣ ተመልሰሽ ለመግባት ለዓመታት አይፈቀድልሽም። ለመውጣት በፓስፖርት ፈንታ ሊሴ ፓሴ የሚሉት የጉዞ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ መንገዱ በእስር ቤት በኩል ነው። ወይ የምሕረት ጊዜ ትጠብቃለች፣ በ2009 እንደነበረው ዓይነት። ይህን ሁሉ አውቃ «ልውጣ» ካለች ሌላ ነገር ነው።

የቦርከና ልጅ

አልጠየቅናትም። እውነቱን ለመናገር አላሰብነውም።

አቤል ሲልቨር ስፕሪንግ

ተመላሿ፣ «ፊቴን ያየችው አክስቴ ብቻ ናት» ያልሽው ሥራ ላይ አስለቀሰኝ። እኔም ስሄድ መጀመሪያ ሻንጣውን ነው የሚያቅፉት።

የቦርከና ልጅ

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ደውዬ ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እጄ ይዳን፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ልሥራ» አለች። «ልጁ 10 ሲሞላው እመጣለሁ» አለች። ለምን 10 እንደሆነ አልነገረችኝም። ስለዚህ ክፍሎቹ አይሸጡም። እማ ደስ ብሏታል፣ ተከፍቷታልም።

ገንዘቡን እንዲህ አገኘነው። የእኔ እቁብ 60,000 ብር ደረሰኝ፣ ተራዬን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሬ። ሁለቱ የጓሮ ክፍል ተከራዮች የስድስት ወር ኪራይ ቀድመው ሰጡን፣ በ3,500 ሒሳብ 42,000 ሆነ። አክስቴ 18,000 ሰጠች። ድምሩ 120,000፣ በ40 ብር ልክ 3,000 ሪያል። ሰዓዳ በራሷ ብር በሠራችው ቤት ኪራይ ነው የታከመችው ማለት ይቻላል።

ዳኛው ለጉባኤ አልነሳውም አለ። ግን ሚስቱ ማታ መጥታ 2,000 ብር ለእማ እጅ አስጨበጠቻት።

መንገዱን አልዘረዝርም፣ ዮናስ እንዳይቆጣኝ። 2,500 ሪያል ደርሷታል፣ በየ500ው፣ በድምፅ። የመጨረሻዋ 500 ላይ ተጣልተናል። የልጅቷ እናት «ትናንት 40 ብለን ነበር፣ ዛሬ ጨምሯል» ትላለች። ጎረቤት ናት፣ በየቀኑ ቡና እንጠጣለን። አሁን ግን ፊት አዙረናል።

ከሚሴ ኑሪያ

ጨምሪላት። ልዩነቱ ስንት ነው? ነገ ደግሞ እሷ ልጅ አላት፣ ያንቺም እህት እዚያ ናት። በተራ ነው።

ዮናስ ቢ.

አልቆጣም። ግን ሕጉ ሕግ ነው።

የቦርከና ልጅ

የመጨረሻ ነገር። እማ መጻፍ ስለማትችል የልጁ ደብተር ላይ ነው ሒሳቡ የሚያዘው። የሰዓዳ ልጅ ነው የሚጽፈው። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል፣ «የመጣ» እና «የሄደ»። እስከ ባለፈው ወር «የሄደ» ባዶ ነበር። አሁን ሞልቷል።

ትናንት ወንድማችን 10,000 ብር በቴሌብር ላከ። ከስር «ለእማ መድኃኒት» ብሎ ጽፏል። እማ የምትወስደው መድኃኒት የለም። ልጁ እርሳሱን ይዞ «የት ልጻፈው?» አለኝ። እስካሁን አልጻፍነውም።